የቆዳ ቀዳዳ ሳይጠፋ ፊትን ማለስለስ

እ.ኤ.አ. በ2007 የእይታ ሳይንስ ተመራማሪዋ ኦድ ኦሊቫ ብዙ ሰው ያስገረመ አንድ የፊት ምስል ሠሩ። ምስሉን ከቅርብ ያየው ሰው የአልበርት አንስታይንን ጢምና የተሸበሸበ ግንባር ያያል። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሲሸሽ ግን አንስታይን ጠፍቶ ማሪሊን ሞንሮ ብቅ ትላለች። ወረቀቱ ያው ነው፣ ብርሃኑም ያው ነው። ኦሊቫ ከአንስታይን ፎቶ ደቃቅ መስመሮቹን ብቻ፣ ከሞንሮ ፎቶ ደግሞ ሰፋፊ የብርሃንና የጥላ ቦታዎቹን ብቻ ወስደው አንዱን በሌላው ላይ ደረቡት። ዓይን በቅርበት ደቃቁን፣ በርቀት ሰፊውን ስለሚያነብ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ታየ።

የፊት ፎቶ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን የሚሉት ዘዴ የቆመው በዚሁ እውነት ላይ ነው። ልዩነቱ እዚህ ሁለት ሰው አለመኖሩ ነው። የአንዱ ሰው ፊት ለሁለት ይከፈላል፤ በአንድ በኩል የቆዳው ቀለምና ጥላ፣ በሌላው በኩል ቀዳዳው፣ ስስ መስመሩና ለስላሳ ጸጉሩ ይቀመጣሉ። ከዚያ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማረም ይቻላል።

ፍሪኩዌንሲ ሲባል ብዙ ሰው ሬዲዮ ትዝ ይለዋል። በፎቶ ውስጥ ግን ነገሩ ብርሃን በምን ያህል ርቀት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ጉንጭ ከአፍንጫው አጠገብ ደምቆ ወደ ጆሮ ሲሄድ ቀስ እያለ ይጨልማል፤ ለውጡ በብዙ መቶ ፒክስል ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ዝቅተኛ ይባላል። በዚያው ጉንጭ ላይ ያለች አንዲት የቆዳ ቀዳዳ ግን በጥቂት ፒክስል ውስጥ ጨለማና ብርሃን ታፈራርቃለች፤ እሷ ከፍተኛው ናት። ማድያት፣ ብጉር ትቶት የሄደ ጥቁር ምልክት፣ ከዓይን ሥር ያለ ጥላ፣ ያልተስተካከለ ፋውንዴሽን፣ እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው ከሰፊው ወገን ናቸው።

የቅርብ ፎቶ ላይ ችግር የሚነሣው ሁለቱ ወገኖች በአንድነት ሲመቱ ነው። ፎቶውን እንዳለ ቢያደበዝዙት ምልክቱ ይለሰልሳል፤ ቀዳዳው ግን አብሮት ይሄዳል፣ ፊቱም ከሰም የተሠራ ይመስላል። ተመልካቹ ምን እንደጎደለ መናገር ላይችል ይችላል፤ ፊቱ የሰው ፊት እንዳልሆነ ግን ወዲያው ያውቃል። ለዚህ ነው ሥራው በወንፊት የሚመሰለው፤ ደቃቁ ወደ አንድ ዕቃ ይወርዳል፣ ሸካራው ወንፊቱ ላይ ይቀራል፣ ምን ከምን እንደሚለይ የሚወስነውም የወንፊቱ ቀዳዳ ስፋት ነው።

በፎቶሾፕ ይህ ወንፊት Gaussian Blur የሚባለው ማደብዘዣ ነው። ባለሙያው ዋናውን ፎቶ ሁለት ጊዜ ያባዛል። የታችኛውን ቅጂ Low፣ የላይኛውን High ብሎ ይሰይማል። የላይኛውን ለጊዜው ደብቆ የታችኛውን ያደበዝዘዋል፤ ይህ የቀለም ሌየር ይሆናል። ቀጥሎ የላይኛውን ይገልጥና በImage ዝርዝር ውስጥ ያለውን Apply Image ይከፍታል፤ በLayer ቦታ ላይ Low የሚለውን ይመርጣል። ፎቶው ባለ 8 ቢት ከሆነ Blending ላይ Subtract፣ Scale ላይ 2፣ Offset ላይ 128 ያስገባል። ባለ 16 ቢት ከሆነ ደግሞ Invert የሚለውን ምልክት አድርጎ Add፣ Scale 2፣ Offset 0 ያደርጋል። በዚህ ጊዜ የላይኛው ሌየር ግራጫ ሆኖ ቀዳዳዎቹና ቅንድቡ ብቻ በላዩ ላይ ተቀርጸው ይታያሉ። በመጨረሻ የዚህን ሌየር የአደራረብ ዓይነት Linear Light ሲያደርገው ፎቶው እንደነበረው ይመለሳል።

እንደነበረው መመለሱ አጋጣሚ አይደለም። ከጀርባው ያለው ስሌት ይህን ያህል ቀላል ነው፦

```
High   = (Original - Low) / 2 + 128
Result = Low + 2 x (High - 128)
```

በጉንጭ ላይ ያለች አንዲት ፒክስል 150 የብርሃን መጠን አላት እንበል፤ ከተደበዘዘ በኋላ በዚያ ቦታ ያለው መጠን 140 ነው። ልዩነቱ 10 ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ 128 ሲጨመርበት የሸካራነት ሌየሩ 133ን ይይዛል። ሲደረብ ደግሞ 140 ላይ የ5 እጥፍ ተጨምሮ 150 ተመልሶ ይመጣል። ከአጠገቧ ያለች ቀዳዳ 130 ብትሆን የእሷ ድርሻ 123 ይሆናል፤ እሷም ሲደረብ ወደ 130 ትመለሳለች። አሁን ባለሙያው የቀለም ሌየሩን ብቻ አርሞ 140ውን 146 ቢያደርገው የመጀመሪያዋ ፒክስል 156፣ ቀዳዳዋ 136 ይሆናሉ። ሁለቱም ደመቁ፤ በመካከላቸው ያለው የ20 ልዩነት ግን አልተነካም። ቀዳዳዋን ለዓይን የሚያሳየው ይህ ልዩነት ነውና ቆዳው ቆዳ መስሎ ይቀራል።

ከስሌቱ የሚገኝ አንድ ጠቃሚ ፈተናም አለ። ሁለቱን ሌየሮች አንድ ላይ እያጠፉና እያበሩ ሲያዩት ፎቶው ቅንጣት መለወጥ የለበትም። ጥርት ካለ፣ ከደበዘዘ ወይም ቀለሙ ከተቀየረ Apply Image ላይ የገባ ቁጥር ተሳስቷል።

እስከዚህ ያለውን ማንም በአንድ ምሽት ሊለምደው ይችላል፤ ብዙዎችም አንድ ጊዜ ቀድተው በAction አስቀምጠው በየፎቶው ላይ በአንድ ቁልፍ ያስኬዱታል። ችግሩ የሚመጣው በዚያ Action ውስጥ የማደብዘዣው ቁጥር አብሮ መቀዳቱ ነው። አንድ ሰው በቪዲዮ ያየውን 10 ወይም 15 ለሁሉም ፊት ይጠቀማል። ቁጥሩ ግን መወሰን ያለበት ፊቱ በፎቶው ውስጥ ስንት ፒክስል እንደያዘ ታይቶ ነው። ቀዳዳ ይተርፋል ወይስ ይጠፋል የሚለው ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ፎቶ ይዘን እናስላው። አንዲት ሙሽራ በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ከቅርብ ተነሥታለች እንበል። ፎቶው ወደ ላይ 6000፣ ወደ ጎን 4000 ፒክስል አለው፤ ፊቷ ከአገጭ እስከ ጸጉር መነሻ 4000 ያህሉን ይዟል። የሰው ፊት በዚህ ልክ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን አንድ ሚሊ ሜትር ቆዳ 21 ፒክስል ያህል ይደርሰዋል። በጉንጯ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በአንድ ሚሊ ሜትር ርቀት ተራርቀው ከተቀመጡ በየ20 ፒክስሉ አንድ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ከአገጯ በላይ ያለ የብጉር ጠባሳ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ 80 ፒክስል ይይዛል። የወንፊቱ ሥራ ባለ 20ውን ከባለ 80ው መለየት ነው።

የማደብዘዣው ራዲየስ 8 ሲሆን የቀዳዳዎቹ ድምቀት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከቀለም ሌየሩ ይወጣል፤ በዚያ የሚቀረው ከመቶ አራት ያህሉ ነው። የጠባሳው ጥቁረት ግን ከመቶ 95 ያህሉ እዚያው ይቆያል። ንጹሕ መለያየት ይህ ነው። ቁጥሩ 2 ቢሆንስ? ከቀዳዳዎቹ አምስት እጅ አራቱ በቀለም ሌየሩ ውስጥ ይቀራል። ባለሙያው ጠባሳውን አጠፋለሁ ብሎ ያንን ሌየር ሲያለሰልስ ቀዳዳውን አብሮ ይጠርገዋል፤ ሌየር ከፍሎ የደከመው ለከንቱ ይሆናል። ቁጥሩ ወደ 30 ከፍ ቢልም ሌላ ጣጣ አለ፤ የጠባሳው ግማሽ ወደ ሸካራነት ሌየሩ ይሻገራል፣ የቀለም ሌየሩን የቱንም ያህል ቢያለሰልሱት ጥላው ከላይ ሆኖ አልለቅም ይላል።

በሥራ ላይ ይህን ሁሉ ማስላት አያስፈልግም። የጉንጩን ቦታ በ100 ፐርሰንት አጉልቶ ራዲየሱን ከ1 ጀምሮ ቀስ እያሉ ከፍ ማድረግና የመጨረሻዋ ቀዳዳ የጠፋችበት ላይ መቆም ይበቃል። ከዚያ አልፎ የአፍንጫ ክንፍና የከንፈር ጠርዝ መቅለጥ ሲጀምር ቁጥሩ በዝቷል። ያው ፎቶ ጎኖቹ በግማሽ ቢቀንሱ የሚስማማው ቁጥርም በግማሽ ይወርዳል፤ 8 የነበረው 4 ይሆናል። በመልእክት መተግበሪያ ተጨምቆ ረጅም ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል የወረደ ፎቶ ሲደርስ ደግሞ ቀዳዳዎቹ በየ4 ፒክስሉ ተጨናንቀው፣ ያውም በጭመቃው ተበላሽተው ስለሚመጡ የሚለይ ነገር እምብዛም አይኖርም። ስልኩ ራሱ ሲያነሣ ያለሰለሰውን ፊትም ይህ ዘዴ አይመልሰውም። በፍላሽ ብርሃን ነጥቶ 255 የደረሰ ግንባርም እንደዚሁ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ በፋይሉ ውስጥ የተመዘገበ ቀዳዳ የለም።

ከተለያየ በኋላ ሥራው በቀለም ሌየሩ ላይ ይጀምራል። ጥንቁቅ ባለሙያ ግን በእሱ በራሱ ላይ አይሠራም፤ አንድ ቅጂ አውጥቶ ከLow በላይና ከHigh በታች ያስቀምጣል። ሲበዛበት የዚያን ቅጂ Opacity ወደ 60 ወይም 50 ዝቅ ማድረግ ይችላልና። ከዚያ Lasso በሚባለው መምረጫ አንድ ትንሽ ቦታ ይከባል፤ በምሳሌያችን ጠባሳውንና በዙሪያው ያለውን ቆዳ። የምርጫውን ጠርዝ በFeather 20 ወይም 30 ፒክስል ያላላዋል፤ ቀጥሎ ያንን ቦታ ብቻ በGaussian Blur ያደበዝዛል። ጠባሳው 80 ፒክስል ስለሆነ የሚያሟሟው ራዲየስ ከ25 እስከ 40 ይሆናል፤ ቀዳዳዎቹ በሌላ ሌየር ስላሉ ይህ ትልቅ ቁጥር አይነካቸውም።

የሚከበበው ቦታ ግን ብርሃኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ምርጫው የአፍንጫን ጥላና የጉንጭን ብርሃን አንድ ላይ ከያዘ ሁለቱ ይቀላቀሉና በአፍንጫው ጎን ግራጫ ጭቃ ይፈጠራል። ምርጫው የአገጭን መስመር ተሻግሮ ነጭ ቬሎ ከነካ ደግሞ ነጩ ወደ ቆዳው ይገባል፣ አገጩም ጭስ የለበሰ ይመስላል። ስለዚህ ጉንጭ ለብቻው፣ ግንባር ለብቻው፣ ከዓይን ሥር ያለው ለብቻው ይታከማል፤ የፊቱ አጥንት መስመር አይሻገርም።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚህ ቆዳ ላይ የፊቱን ቅርጽ በብዛት የሚነግረው በግንባርና በጉንጭ አጥንት ላይ የሚያርፈው ወዝ ነው። ያ ብርሃን የተቀመጠው በቀለም ሌየሩ ውስጥ ስለሆነ ሰፊ ምርጫ ይዞ ያለሰለሰ ሰው ወዙን ከጥላው ጋር ያሟሟዋል። ቀዳዳው ሁሉ በቦታው አለ፤ ፊቱ ግን ጠፍጣፋና አመድማ ይሆናል። ሌላው ጥፋት ከዚህ የከፋ ነው። ብሩሽ ይዞ ከብሩሁ ቦታ ቀለም እየቀዱ ጥላውን መሸፈን ቀላል ስለሆነ ሳይታሰብ ፊቱ በሙሉ ይቀላል። ሙሽራዋ በአልበሟ ውስጥ ከእጇና ከአንገቷ የቀላ ፊት ይዛ ትገኛለች። ፊቱን ከአንገቱ ጋር እያስተያዩ መሥራት ይህን በጊዜ ያሳያል።

የሸካራነት ሌየሩ ሥራ ከዚህ ያነሰ ነው፣ ማነስም አለበት። እዚህ የሚነኩት ያበጠ ብጉር፣ የተላጠ ቆዳ፣ በጉንጭ ላይ የወደቀ ጸጉር፣ የተቆለለ ዱቄት ናቸው። መሣሪያው Healing Brush ወይም Clone Stamp ነው፤ Sample የሚለው Current Layer ላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፣ አለዚያ ከታች ያለው ቀለም አብሮ ይቀዳና ግራጫው ሌየር ይቆሽሻል። ብሩሹ ከሚጠፋው ነገር በትንሹ ይበልጣል፣ ጠርዙም ጠንካራ ይሆናል፤ ጠርዙ ከላላ ሁለት ቆዳዎች ተደርበው የደበዘዘ ቀለበት ይተዋሉ።

ከየት ይቀዳ የሚለውም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። የአፍንጫ ቀዳዳዎች ክብና ሰፊ ናቸው፤ የጉንጭ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ሞላላ ናቸው፤ ከዓይን ሥር ደግሞ ከቀዳዳ ይልቅ ስስ መስመር ይበዛል። የአፍንጫውን ቆዳ ከዓይን ሥር የለጠፈ ሰው ሥራው ከሩቅ ባይታወቅበትም ታትሞ ሲወጣ ይጋለጣል። የብርሃኑም አቅጣጫ አለ። መስኮቱ በስተግራ ከሆነ የእያንዳንዷ ቀዳዳ ጥላ በግራ ጠርዟ ውስጥ፣ ብርሃኗ በቀኝ ጠርዟ ላይ ነው። ከቀኝ ጉንጭ ተቀድቶና እንደ መስታወት ተገልብጦ ግራ ጉንጭ ላይ የተለጠፈ ቆዳ ብርሃኑን ይቃረናል፤ ጉድጓዶቹም እብጠት መስለው ይታያሉ። ስለዚህ የሚቀዳው ከዚያው አካባቢ፣ ከአንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢሆን ይመረጣል።

ሥራው ሲያልቅ የሚታየው በአንድ መጠን ብቻ መሆን የለበትም። በ100 ፐርሰንት ሲያዩት ቀዳዳዎቹ ይመረመራሉ፤ በ25 ፐርሰንት ሲያሳንሱት ደግሞ የፊቱ ቅርጽ ይመረመራል። በትልቁ ቆንጆ ሆኖ በትንሹ ጠፍጣፋ የሆነ ፊት የቀለም ሌየሩ ከልክ በላይ ተለስልሷል። ከላይ አንድ Black & White ማስተካከያ ለጊዜው አድርጎ ማየትም ይረዳል፤ ቀለም ሲወጣ የጥላው መዥጎርጎር ብቻውን ይቀራልና ዓይን አይታለልም።

ዘዴው የማይደርስበት ቦታም አለ። ያበጠ ብጉር ከሁለቱም ወገን ነው፤ መቅላቱና መጥቆሩ በታች፣ የቆዳው መወጠር በላይ ስለሚቀመጥ በሁለቱም ሌየር ላይ መሥራት ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ያለው፣ በየ40 እና በየ50 ፒክስሉ የሚደጋገመው ትንንሽ ዥጉርጉር ደግሞ ለሁለቱም አይገዛም፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይቀራል። እንዲህ ያለውን በትንሽ ብሩሽ አንድ በአንድ ማብራትና ማጨለም፣ ባለሙያዎች ዶጅ ኤንድ በርን የሚሉት ሥራ፣ የተሻለ ያርመዋል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ለመጽሔት ሽፋን የሚሠሩ ብዙ ሪታቸሮችም የሚመርጡት እሱን ነው። ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን ጥቅሙ በሠርግ አልበም ያሉትን በርካታ የቅርብ ፎቶዎች በተመጣጣኝ ጊዜ ማረም ማስቻሉ ነው። ፎቶሾፕ የሌለው ሰው በነጻው ጊምፕ ውስጥ ከ2.10 ጀምሮ የገባውን Wavelet decompose መጠቀም ይችላል፤ እሱ ፊቱን ከሁለት በላይ በሆኑ ወንፊቶች ስለሚለየው መካከለኛውን ዥጉርጉር ለብቻው ያወጣል።

በማለስለስ ምክንያት ቅሬታ ተነሥቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል የሎሬያል ኩባንያን ሁለት የፋውንዴሽን ማስታወቂያዎች አግዷል፤ በአንዱ ጁሊያ ሮበርትስ፣ በሌላው ክሪስቲ ተርሊንግተን ነበሩ። አቤቱታውን ያቀረቡት በወቅቱ የፓርላማ አባል የነበሩት ጆ ስዊንሰን ናቸው። ተቆጣጣሪው የከለከላቸው ፊቱ ላይ የሚታየው ልስላሴ ከቅባቱ ይሁን ከኮምፒውተሩ ኩባንያው ሊያሳይ ባለመቻሉ ነው። ለውበት ዕቃ ማስታወቂያ የሚሠራ ኤዲተር ያልተነካውን ፋይልና ሌየሮቹን የሚያስቀምጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአገራችን ፎቶ ቤቶች ይህ ዘዴ ሲሠራበት አንድ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ብዙ እናቶች በግንባራቸው፣ በአገጫቸውና በአንገታቸው ላይ ንቅሳት አላቸው። የንቅሳቱ መስመር አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ በቅርብ ፎቶ ላይ በሁለቱ ሌየሮች መካከል ይወድቃል፤ የቀለም ሌየሩ ሲለሰልስ አረንጓዴው ይታጠብና ደብዛዛ ጥላ ብቻ ይተርፋል። ማርያም የሳመችው የሚባል ምልክት፣ የልጅነት ጠባሳ፣ የተወለዱበት ነጠብጣብም እንዲሁ ይሆናሉ። ብጉር በሳምንት ይጠፋል፤ እነዚህ ግን ከሰውየው ጋር የሚኖሩ ናቸው። እንግዲህ ኤዲተሮች ማለስለስ ከመጀመራቸው በፊት ባለፎቶውን ወይም ቤተሰቡን የትኛው እንዲቆይ እንደሚፈልጉ ይጠይቁ፤ እንዲቆይ የተባለውን በማስክ ከሥራው ውጭ ያድርጉ፤ ያልተነካውንም ፋይል ከታረመው ጋር አብረው ያስረክቡ።